«ጣሪያው አሁንም ያፈሳል»፦ ለአከራይ የሚጻፍ ደብዳቤ

ጣሪያ ሲያፈስ ተከራይ መጀመሪያ ባልዲ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ አልጋውን ፈቀቅ ያደርጋል፤ ሲነጋ አከራዩን ያናግራል። አከራይም አብዛኛውን ጊዜ አይክድም። «እሺ፣ ልጅ እልካለሁ» ይላል። ልጁ መሰላል ይዞ ይመጣል፣ ሦስት አራት ምስማር ይመታል፣ ካትራሜ ይለቀልቃል፣ ይወርዳል። ለአንድ ሁለት ሳምንት ሰላም ይሆናል። ከዚያ ያው ጠብ ጠብ ይመለሳል፤ ልጁም ይመለሳል፤ ክረምቱ በዚሁ ያልፋል። በመስከረም ፀሐይ ሲወጣ ኮርኒሱ ላይ የቀረው ቡናማ ክብ ካልሆነ በቀር ማን ምን እንዳለ፣ መቼ እንዳለ የሚያስታውስ የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ውሃው ዕቃ ሲያበላሽ ነው። ፍራሽ ሲበሰብስ፣ ቴሌቪዥን ሲቃጠል «እሺ፣ ልጅ እልካለሁ» የሚለው መልስ አይበቃም። ተከራይ በዚህ ጊዜ ደብዳቤ ለመጻፍ ያስባል፤ ግን ያመነታል። እንጀራና ቡና እየተጠራሩ በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ሰዎች ደብዳቤ የጠብ አዋጅ ይመስላል። በቃል ሲነገሩ «ልክ ነህ» ይሉ የነበሩ እትዬ፣ ወረቀት ሲደርሳቸው «ሊከሰኝ ነው» ይላሉ። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ደብዳቤውን መተው ግን መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው አከራይዋ አንብበው ጣሪያው ላይ ሰው እንዲያወጡ የሚያደርግ፣ ካልሆነም ሌላ ቦታ ሲቀርብ የሚቆም ደብዳቤ መጻፍ ነው። እንዴት እንደሚጻፍ በአንድ ጉዳይ ላይ እናያለን። ጉዳዩ በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ በየክረምቱ ከሚደርሰው ተውጣጥቶ ለማሳያ የተቀናበረ ነው።

ባልና ሚስት ናቸው። ከአንዲት እናት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ካለው ሰርቪስ ሁለት ክፍል ተከራይተው ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ይኖራሉ። ኪራዩ በወር 9,000 ብር ነው፤ በባንክ ያስገባሉ። ቤቱ የብሎኬት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። እንደ ብዙ ሰርቪስ ሁሉ ቆርቆሮው በአንድ በኩል ብቻ ያዘነበለ ነው፤ ከፍ ያለው ጠርዙ የዋናው ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ዝቅ ያለው ወደ አጥሩ ይወርዳል። ይህን አቀማመጥ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያፈሰሰው በበልግ፣ ሚያዝያ 20 ነበር። ባልየው ለእትዬ በቃል ነገራቸው፤ ልጅ መጣ፣ ካትራሜ ቀባ። ሰኔ 28 እንደገና አፈሰሰ፤ ሚስት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከች። ያው ልጅ መጥቶ የላሉትን ምስማሮች ትቶ በአጠገባቸው አዳዲስ መታ። ሐምሌ 19፣ በገብርኤል ዕለት ማታ፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ውሃው በኮርኒሱ ገጣጥሞ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው የጤፍ ዱቄት ላይ ወረደ።

ሦስት ጊዜ ማለት ነው። አንድ ጣሪያ ሁለት ጊዜ ተጠግኖ ለሦስተኛ ጊዜ ካፈሰሰ የተጠገነው ቦታ ሌላ፣ የሚያፈሰው ቦታ ሌላ ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ውሃ በገባበት ትክክል አይወርድም። በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባና ቆርቆሮው የተመታበትን ሞራሌ ተከትሎ ይሄዳል፤ ሞራሌው ላይ ቋጠሮ ወይም ስንጥቅ እስኪያገኝ ይጓዛል፤ ከዚያ ቺፑዱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቺፑዱም ከጠገበ በኋላ በመጋጠሚያው ወይም በአምፖሉ ቀዳዳ ይለቃል። ስለዚህ ከአልጋው በላይ ካለው እርጥብ ቦታ ትክክል ያለውን ቆርቆሮ ካትራሜ መቀባት ብዙ ጊዜ ደህናውን ቦታ መቀባት ነው። ካትራሜው ራሱም በበጋ ፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ቆርቆሮ ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፣ የተቀባው ነገር ግን አብሮት አይሄድም።

ምንጩን ለማወቅ ጣሪያ ላይ መውጣት ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ደግሞም ልምድ የሌለው ሰው በቀጭን ቆርቆሮ ላይ ቢረግጥ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ከውስጥ ሆኖ ሰዓቱን ማየት ብዙ ይናገራል። ዝናቡ እንደጀመረ ወዲያው የሚንጠባጠብ ከሆነ የምስማር ቀዳዳ ወይም ዝገት ነው። ከባድ ዝናብ ግማሽ ሰዓት ከወረደ በኋላ ብቻ፣ በግድግዳው ጥግ የሚመጣ ከሆነ አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጭቃ ተደፍኖ ውሃው ወደ ኋላ እየሞላ ይሆናል። ነፋስ ሲኖር ብቻ፣ ያም ከአንድ አቅጣጫ ሲነፍስ ከሆነ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳ ወይም ከሌላ ቆርቆሮ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ መጠርጠር ነው። ጭራሽ ዝናብ ሳይኖር በብርዳማ ጧት የሚንጠባጠብ ደግሞ ማፍሰስ አይደለም፤ የቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ጤዛ ሆኖ ነው። ይህን የመጨረሻውን ለአከራይ «ጣሪያዎ ያፈሳል» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቀጥሎ የሚጽፈውን እውነተኛ ቅሬታም የሚሰማው አያገኝም።

በዚህ ቤት ሦስቱም ጊዜ ነፋስ ነበር። ነፋሱም ዝናቡን ወደ ዋናው ቤት ግድግዳ የሚገፋ ነበር። ማለትም የተጠረጠረው ቦታ ሰርቪሱ ከዋናው ቤት ጋር የተጋጠመበት ነው። እዚያ ላይ በደንቡ ግድግዳው ይቦረቦርና የላሜራ ጠርዝ ገብቶ፣ ቆርቆሮውን ከላይ ሸፍኖ በሲሚንቶ ይለሰናል። ብዙ ሰርቪስ ላይ ግን ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ተጠግቶ ክፍተቱ በሲሚንቶ ብቻ ይሞላል። ሲሚንቶው ቆርቆሮ ላይ አይይዝም፤ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውን እያጠበ የሚወርደው ውሃ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። ምስማር ቢመታ፣ ካትራሜ ቢቀባ ይህን አይነካውም።

እዚህ ላይ ተከራዮቹ ያደረጓት አንዲት ትንሽ ነገር ከሁሉም በላይ ጠቅማቸዋለች። ሰኔ 28 ሲያፈስ፣ ኮርኒሱ ላይ የወጣውን እርጥብ ክብ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመሩና አጠገቡ ቀኑን ጻፉ፤ ፎቶ አነሱ። ሐምሌ 19 ውሃው ከመስመሩ ሁለት ስንዝር አልፎ ሄደ፤ አዲሱንም አሰመሩ። ቺፑድ ሲደርቅ የእርጥበቱ ዳር ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ በየጊዜው ያፈሰሰ ቤት ኮርኒስ ላይ አንዱ ክብ በሌላው ውስጥ ይታያል። መስመርና ቀን ያለው ፎቶ «ተጠግኗል» ለሚል መልስ በቂ ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራይ ምዕራፍ አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ ማስረከብና በኪራዩ ዘመንም በዚያው ሁኔታ እንዲቆይ ማድረግ እንዳለበት ያዛል። የበር እጀታ፣ የተሰበረ መስታወት፣ የቧንቧ ቁልፍ የመሰለው ጥቃቅን ነገር በተከራይ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ጣሪያ ግን የአከራይ ነው። ይህን አብዛኛው ሰው በደመ ነፍስም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ 1772ን ነው፦ ውል አልተፈጸመልኝም ብሎ ለመከራከር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሌላውን ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ መጠየቅ አለበት። ሕጉ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ፈቃዱን በሚያሳይ ሌላ መንገድ ሊሰጥ እንደሚችል፣ በውስጡም ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ ሊቀመጥ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ደብዳቤው የማስፈራሪያ ወረቀት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ደረጃ ነው። የቴሌግራም መልእክትም ዋጋ አለው፤ ነገር ግን በቴሌግራም አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስክሪንሻት ወስዶ ቀኑ እንዲታይ አድርጎ ማስቀመጥ የዚያኑ ዕለት ሥራ ነው።

ሁለተኛው የሕጉ ነጥብ ተከራዩን የሚመለከት ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው ጉዳቱ እንዳይሰፋ አቅሙ የሚፈቅደውን ማድረግ አለበት። ያፈሳል ተብሎ በሚታወቅ ቦታ ሥር ቴሌቪዥን አስቀምጦ ማልቀስ ያስጠይቃል። በእኛ ጉዳይ ቴሌቪዥኑ ከሰኔው ማፍሰስ በኋላ ወደ ሌላው ግድግዳ ተዛውሮ ነበር፤ ሐምሌ 19 የፈሰሰው እዚያ ነው። ይህ በደብዳቤው ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ የአከራይዋ የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ይሆናል።

ደብዳቤው እንዲህ ተጻፈ።

ቀን፦ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አከራያችን ለወይዘሮ ………

ጉዳዩ፦ በተደጋጋሚ ስለሚያፈስ ጣሪያና ስለተበላሸ ንብረታችን

እንደሚያውቁት ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በግቢዎ ካለው ሰርቪስ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ኪራዩን በየወሩ ሳናጓድል በባንክ ሒሳብዎ አስገብተናል።

የመኝታ ክፍሉ ጣሪያ ሦስት ጊዜ አፍስሷል። መጀመሪያ ሚያዝያ 20 ቀን ሲሆን፣ በቃል ነግረንዎት ሰው ልከው ካትራሜ ተቀብቷል። ሁለተኛ ሰኔ 28 ቀን ሲሆን፣ በቴሌግራም ፎቶ ልከንልዎት ሰው ልከው ምስማር ተመትቷል። ሁለቱንም ጊዜ ሳይዘገዩ ሰው ስለላኩልን እናመሰግናለን። ሆኖም ሐምሌ 19 ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከቀደሙት ይበልጥ አፍስሷል።

ሦስቱም ጊዜ ያፈሰሰው ነፋስ ወደ ዋናው ቤት በሚገፋበት ዝናብ ነው። ነፋስ በሌለበት ከባድ ዝናብ አያፈስም። ስለዚህ ውሃው የሚገባው የሰርቪሱ ቆርቆሮ ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር በተጋጠመበት በኩል ሊሆን ይችላል ብለን እናስባለን። እስካሁን የተጠገነው ግን የቆርቆሮው መካከል ነው።

በሐምሌ 19 ሌሊት የተበላሹብን ዕቃዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ የስፖንጅ ፍራሽ፤ በ2015 ዓ.ም. በ8,400 ብር የተገዛ ሲሆን፣ ማገልገሉን ቀንሰን አሁን 5,000 ብር ገምተናል። ሁለተኛ፣ ቴሌቪዥን፤ ጠጋኙ ውሃ እንደገባበት ገልጾ ለማሠሪያ 6,500 ብር ጠይቋል፤ ጽሑፉ ተያይዟል። ሦስተኛ፣ 20 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፤ 2,800 ብር። ጠቅላላው 14,300 ብር ነው። ቴሌቪዥኑን ከሰኔው ማፍሰስ በኋላ ከነበረበት ቦታ አንስተን ወደ ተቃራኒው ግድግዳ አዛውረነው ነበር። ፍራሹንም በፀሐይ ለማድረቅ ሞክረናል፤ ሽታው አለቀቀም።

ውሃው በመኝታ ክፍሉ አምፖል ቀዳዳም ስለወረደ የክፍሉን መብራት አጥፍተን እንገኛለን። ይህ ለእኛም ለግቢውም አደጋ ስለሆነ መዘግየት የለበትም።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እንጠይቃለን። በመጀመሪያ እስከ ሐምሌ 25 ቀን መጋጠሚያው በሸራ ተሸፍኖ ውሃው ለጊዜው እንዲቆም፤ ቀጥሎም እስከ ነሐሴ 6 ቀን አንድ ባለሙያ የሚያፈስበትን ምንጭ ፈልጎ እንዲሠራው፤ ለተበላሹት ዕቃዎችም ተነጋግረን ክፍያውን እንድንስማማ። ባለሙያው ሲመጣ በማንኛውም ሰዓት ቤት ለመክፈት ዝግጁ ነን።

የፎቶዎችና የቴሌግራም መልእክቶች ቅጂ፣ የጠጋኙ ጽሑፍና የፍራሹ ደረሰኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር
(የሁለታችን ፊርማ)

ደብዳቤው እዚህ ያበቃል። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ከዚህ ቢረዝም አይነበብም። ውስጡ ስድብ የለም፤ «በቸልተኝነትዎ» የሚል ቃልም የለም። ምስጋናው ለይምሰል የተጻፈ አይደለም፦ «ሁለቱንም ጊዜ ሰው ስለላኩልን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሴትየዋን ያከብራል፤ በዚያው ትንፋሽ ጣሪያው እንደሚያፈስ ሁለት ጊዜ አውቀው እንደነበር ይመዘግባል። እንዲህ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ከሦስት ገጽ ቁጣ ይበልጣል።

የጊዜ ገደቡ ለሁለት መከፈሉም የታሰበበት ነው። በሐምሌ መካከል ቆርቆሮ አውልቆ ግድግዳ መቦርቦር አስቸጋሪ ነው፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ዝናብ ያጥበዋል። «በሦስት ቀን ይሠራ» ብሎ የጻፈ ተከራይ የማይቻል ነገር ጠይቋልና ገደቡ ተገቢ አይደለም ሊባል ይችላል። ሸራ መወጠር ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚቻለው ቶሎ፣ ፋታ የሚሻው በፋታ ተጠየቀ።

ስለ ዋጋው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ደብዳቤ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ሰው ንብረቱ ሲበላሽ የአዲሱን ዋጋ ይጽፋል። ሁለት ዓመት የተተኛበት ፍራሽ ግን አዲስ ፍራሽ አይደለም፤ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ አዲሱን ዋጋ አያይም። የተገዛበትን ዋጋና ዘመኑን ገልጾ ራስ ቀንሶ ማቅረብ ሌሎቹም ቁጥሮች እንዲታመኑ ያደርጋል። ለቴሌቪዥኑ የግዢ ዋጋ ሳይሆን የማሠሪያ ዋጋ መቅረቡም ለዚህ ነው። የጠጋኙ ወረቀት ላይ «አይሠራም» ብቻ ቢጻፍ ኖሮ ምንም አያደርግም ነበር፤ መብራት ሲጠፋና ሲመጣም ቴሌቪዥን ይቃጠላልና። «ፓወር ቦርዱ ላይ ውሃ ገብቷል» የሚለው ነው ከጣሪያው ጋር የሚያገናኘው። ይህን ከጠጋኙ መጠየቅ፣ የተቃጠለውንም ቦርድ አለመጣል ነው። ዱቄቱ ሻግቶ ሊጣል የግድ ነበር፤ ከመጣሉ በፊት ግን ከነጆንያው ፎቶ ተነሥቷል።

በደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ፦ ለወረዳ» አለመኖሩንም አንባቢ አስተውሎ ይሆናል። ብዙ ሰው ግልባጭ ካልጻፈ ደብዳቤው ክብደት የሌለው ይመስለዋል። እኔ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አልመክረውም፤ በግቢ ውስጥ ያለን ነገር መልስ ሳይጠበቅ ወደ ቢሮ መውሰድ ነው። ገደቡ አልፎ መልስ ከሌለ ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቀን ጠቅሶ፣ በግልባጭ ሊሄድ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን «እስኪሠራ ኪራይ አልከፍልም» ማለት ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን እስከዚያ ቀን ግዴታውን ያላጓደለውን ሰው ግዴታውን ያጓደለ ያደርገዋል፤ አከራይም ስለ ጣሪያው መመለሱን ትተው ስላልተከፈለው ኪራይ ያነሣሉ። ራስ አሠርቶ ከኪራዩ መቁረጥም ያለ አከራይ ፈቃድ ሲሆን ያው ነው። ሕጉ አንዱ ያልፈጸመውን ሌላው በእርሱ ወጪ እንዲያሠራ ይፈቅዳል፤ ግን ፈቃዱ የሚገኘው ከፍርድ ቤት ነው። አከራይ «አሠሩና ቁረጡ» ካሉ ደግሞ ያንኑ በአንድ መስመር ጽፈው ይፈርሙ። ቃል ብቻ ከሆነ በወሩ መጀመሪያ «ኪራዩ ለምን ጎደለ?» ይመጣል።

«ከጻፍኩ ቤቱን ልቀቁ ይሉኛል» የሚለው ስጋት ከቀድሞው ይልቅ አሁን ጥቂት መድኃኒት አለው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። በወረዳ የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይ ስለ ጣሪያ ደብዳቤ ስለጻፈ ብቻ በወሩ መጨረሻ ሊወጣ አይገባም። ውል ያልተመዘገበለት ሰው ግን ከደብዳቤው በፊት ወይም ከደብዳቤው ጋር ምዝገባውን ቢጨርስ ይሻለዋል። የባንክ ክፍያ ማስረጃው ደግሞ ተከራይ መሆኑን ለሚጠራጠር ሁሉ የሚታይ ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖር ተከራይ ጣሪያው የሕንፃው የጋራ ስለሆነ «ማኅበሩን ጠይቁ» ይባላል። ተከራይ ግን ውሉ ከአከራዩ ጋር እንጂ ከማኅበሩ ጋር አይደለም፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ለአከራዩ ነው፤ ከማኅበሩ ጋር የሚነጋገሩት እሳቸው ናቸው።

የአሰጣጡ ነገርም አለ። ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ሆኖ ተፈርሞ፣ ባልና ሚስት ራሳቸው ይዘው ሄዱ፤ በልጅ እጅ አልላኩም። እትዬ ቡና ላይ ነበሩ። «ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?» አሉ። ሚስትየው «እትዬ፣ የጣሪያው ነገር ነው፤ እንዳንረሳው በጽሑፍ አደረግነው፤ አንዱ ለእርስዎ ነው፣ በሁለተኛው ላይ ደርሶኛል ብለው ይፈርሙልን» አለች። ፈረሙ፤ ቀንም ጻፉ። ባይፈርሙ ኖሮ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ሰጥቶ የእነርሱን ስምና ፊርማ በቀሪው ቅጂ ላይ ማስቀመጥ ወይም በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ መላክ ይቻላል። ሪኮማንዴ ደረሰኝ አለው፤ ለአንድ ግቢ ሰው ግን ቀዝቃዛ መንገድ ነው፤ ለመጨረሻ ቢቆይ ይመረጣል።

መልሱ በማግስቱ መጣ፤ በቃል። እንደተጠበቀው መከራከሪያ ነበረበት፦ «ዲሽ ስታስተክሉ ነው ቆርቆሮዬ የተበሳው።» ይህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ዲሽ የሚተክል ሰው ቆርቆሮ ላይ ይረግጣል፤ በሁለቱ ሞራሌዎች መካከል ከረገጠ ቆርቆሮው ይጎብጣል፣ የምስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ጉዳቱ ከወራት በኋላ ነው የሚታየው። ተከራዩ ያስተከለው ቢሆን ኖሮ ኃላፊነቱ ቢያንስ በከፊል ወደ እርሱ ይዞር ነበር፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ነገር ራሱ በደብዳቤው ላይ አስቀድሞ ማንሣት ነው። እዚህ ግን ዲሹ የቀድሞው ተከራይ የተወው ነበር፤ እነርሱ የለወጡት ሪሲቨሩን ብቻ ነው። ሲገቡ ስልካቸው ላይ ያነሷቸው የባዶ ቤት ፎቶዎች በአንዱ ላይ በግቢው በኩል ዲሹ ይታያል። ቤት ሲረከቡ ፎቶ ማንሣት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ሲወጣ እንጂ ሲገባ አያነሣም።

ሸራው በሦስተኛው ቀን ተወጠረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ነፋስ ያለበት ዝናብ ወረደ፤ ጠብታ አልገባም። ይህ ራሱ ምርመራ ነበር፤ የተሸፈነው መጋጠሚያው ብቻ ነበርና። ነሐሴ 5 ቀን ጥቂት ፋታ ሲገኝ ባለሙያው ዝቅ ያለውን ሲሚንቶ ፈልፍሎ አወጣ፤ ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ። ግድግዳውን ቦርቡሮ ላሜራ አስገባ፣ ለሰነው። አጠገብ ለአጠገብ የተመቱትን ምስማሮችም ነቅሎ በጎማ ባላቸው ተካቸው፤ የቀሩትን ባዶ ቀዳዳዎች ደፈናቸው።

የዕቃው ዋጋ ላይ ግን ክርክር ነበር። እትዬ የቴሌቪዥኑንና የዱቄቱን ሙሉ ተቀበሉ፤ ፍራሹን «አርጅቷል» አሉ። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ባሉበት ፍራሹ 3,000 ብር ሆነ፤ ጠቅላላው 12,300። በአንድ ጊዜ ለመክፈል ስላልቻሉ ከኪራዩ በየወሩ 4,100 ብር፣ በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር 2018 እንዲቀነስ ተስማሙ። ስምምነቱ በዚያው በተፈረመው ቅጂ ጀርባ ተጻፈ፤ ሽማግሌውም ምስክር ሆነው ፈረሙ። ባልየው በየወሩ 4,900 ብር ሲያስገባ በባንክ ማስተላለፊያው የምክንያት ቦታ ላይ «የመስከረም ኪራይ፣ በስምምነቱ መሠረት 4,100 ተቀንሶ» ብሎ ይጽፍ ነበር።